ከትዕይንቱ በፊት ያለውን መለማመድ፦ ሙያተኛ ያልሆኑ ተዋንያንን ስለ መምራት

(ለጀማሪ የፊልም ዳይሬክተሮች በቃል የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ትዕይንት ብቻ ነው። በስክሪፕቱ ላይ ሁለት ገጽ ተኩል የሚይዝ፣ ሁለት ሰዎች ያሉበት ትዕይንት ነው። እናት ልብስ እየሰፋች ተቀምጣለች፤ የ19 ዓመት ልጇ ኪሱ የተተረተረ ኮት ይዞ ይገባና እንድትሰፋለት ይጠይቃታል፤ እሷም ኪሱን እየሰፋች ሳለ በማግስቱ ጠዋት ለሥራ ወደ ሩቅ ከተማ እንደሚሄድ ይነግራታል። ነገሩ ከዚህ አይዘልም። እናቲቱን የተጫወቱት ሴት ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ፣ በኑሯቸውም ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ልጁን የተጫወተው ወጣት ደግሞ ከዚያ በፊት ትወና የሚባል ነገር ሞክሮ አያውቅም። ይህን ትዕይንት መጀመሪያ አበላሽቼው ኋላ በአራት ልምምድ አቅንቼዋለሁና፣ ያበላሸሁበትንም ያቀናሁበትንም መንገድ በቅደም ተከተል ላሳያችሁ እወዳለሁ።

ያበላሸሁት ብዙዎቻችን በምናበላሽበት መንገድ ነው። ስክሪፕቱን ከሳምንት በፊት ሰጠኋቸውና ምልልሱን አጥንተው እንዲመጡ ጠየቅኋቸው። ሁለቱም ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰዎች በመሆናቸው አንዲት ቃል ሳያጓድሉ በቃላቸው ወጥተውት መጡ። ልምምዱ ሲጀመር ግን ከፊቴ የተቀመጡት እናትና ልጅ ሳይሆኑ የቃል ፈተና የሚፈተኑ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጨረሻው ላይ በአንድ ዓይነት ዜማ ይወርዳል፤ አንደኛው ሲናገር የሌላኛው ከንፈር ድምፅ ሳያወጣ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ትዕይንቱ እንዳለቀም ሁለቱም ዞረው እኔን ያዩኛል። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የሴትየዋ እጅ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ እየሰፉ ሲያወሩ የኖሩ ሰው፣ ለመናገር አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር መርፌው አየር ላይ ይቆማል፤ ተናግረው ሲጨርሱ መስፋታቸውን ይቀጥላሉ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጎረቤት መጥታ ብታጫውታቸው እንዲህ እንደማይሆኑ እርግጠኛ ነበርኩ።

በዚያ ቀን ያደረግሁት አንድ ጠቃሚ ነገር ቢኖር ልምምዱን በስልኬ መቅዳቴ ነው። ማታ ምስሉን ሳላይ ድምፁን ብቻ አዳመጥሁት። ይህን ልማድ ለማንም እመክራለሁ፤ ዓይን ፊታቸውን ስለሚወድ ብዙ ይቅር ይላል፣ ጆሮ ግን አይምርም። የንግግር ተመራማሪዎች እንደሚሉት በተራ ጨዋታ አንዱ ሰው ተናግሮ ሲያበቃና ሌላው መልስ ሲጀምር ያለው ክፍተት በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው፤ ሰው የሌላውን ንግግር እየሰማ መልሱን ስለሚያዘጋጅ አንዳንዴ ጭራሽ ሳይጨርስለት ይገባበታል፣ አንዳንዴ ደግሞ መልሱ ሲከብደው ረጅም ጊዜ ዝም ይላል። በእኔ ቅጂ ላይ ግን ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በኋላ ያለው ዝምታ አንድ ዓይነት ርዝመት ነበረው፤ ወደ አንድ ሰከንድ ይጠጋል። ሁለቱም የሚጠብቁት የሌላውን ሐሳብ ሳይሆን የሌላውን የመጨረሻ ቃል ስለነበር፣ ያ ቃል እስኪመጣ ቆመው፣ ሲመጣም የራሳቸውን ከማስታወሻ ጓዳቸው ያወጡ ነበር። የክፍተቶቹ እኩልነት ከማንኛውም ምልክት ቀድሞ የሚታመን ምልክት ነው።

ምክንያቱን እንመልከት። የሠለጠነ ተዋናይም ቃሉን በቃሉ ይወጣዋል፤ ነገር ግን የሥልጠናው ትልቁ ክፍል አንዴ በቃል የወጣውን ነገር ረስቶ፣ ከባልንጀራው ዓይን ላይ እንደ አዲስ እንዲመጣለት ማድረግን መማር ነው። ይህን ለመቻል ዓመታት ይፈጃል። ሙያተኛ ያልሆነው ሰው ያን መሣሪያ ስለሌለው፣ የተጠና ጽሑፍ ስትሰጡት ትኩረቱን ሁሉ ወደ ውስጥ፣ ወደ ማስታወስ ትወስዱበታላችሁ። በዚያች ሰዓት የሚያየው ሰው የለም፤ የሚሠራው ሥራ የለም፤ የሚያነብበው በአእምሮው ፊት የተዘረጋ ገጽ ብቻ ነው። ሰው የሚያምረው፣ ቢያንስ ለካሜራ የሚያምረው፣ ትኩረቱ ከራሱ ውጭ ባለ ነገር ላይ ሲያርፍ ነው። ስለዚህ ልምምዱ የሚያስፈልገው ቃሉን ለማጠናከር ሳይሆን ትኩረቱ የሚያርፍበትን ነገር ለመገንባት ነው ማለት ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ የወሰንሁት ውሳኔ ቀላል ነበር፤ በትዕይንቱ ዙሪያ ያለውን ሁሉ እንለማመዳለን፣ ትዕይንቱን ራሱን ግን ለካሜራው እንተወዋለን።

ስክሪፕቱን መልሼ ወሰድሁ። ሴትየዋ «አጥፍተን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኋቸውና በስምንት ቀናት ውስጥ አራት ልምምድ ቀጠርን። እያንዳንዱ ልምምድ ከአንድ ሰዓት ተኩል እንዳይበልጥ ተስማማን። ይህ ገደብ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ያልለመደ ሰው ከዚያ በላይ ሲቆይ ይደክመዋል፤ ሲደክመው ደግሞ ዳይሬክተሩን ለማስደሰት የሚያስችለውን አጭር መንገድ መፈለግ ይጀምራል።

በመጀመሪያው ልምምድ ስለ ታሪኩ አንዳች አልተነጋገርንም። ሴትየዋ ወጣቱን የተተረተረ ኪስ መስፋት እንዲያስተምሩት ብቻ ጠየቅሁ። ልጁ መርፌ ይዞ አያውቅም፤ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማሾለክ ብቻ ብዙ ደቂቃ ፈጀበት፣ እሳቸውም ጥቂት ታግሠው በመጨረሻ ከእጁ ነጠቁት። ያ ንጥቂያ ከዚያ በፊት ባለው ልምምድ ሁሉ ያላየሁት የእናት ድርጊት ነበር። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ የሚሠሩትን ስጽፍ ቆየሁ። ክሩን በመቀስ ሳይሆን በጥርሳቸው ይበጥሳሉ። ጨርቁን ከመስፋታቸው በፊት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ያሰምሩበታል። ጨርቅ የሚያያይዙበትን ስፒል ደግሞ ከመርፌ ትራሱ አያነሱም፤ ሦስት አራቱን አንድ ጊዜ በከንፈራቸው ይይዙና እየነቀሉ ይሰካሉ። ልጁ በመሐል ጥያቄ ሲጠይቃቸው ስፒሎቹ በከንፈራቸው እንዳሉ ዝም ብለው አዩት፤ ሊመልሱለት አይችሉማ። ስፒሎቹ እስኪያልቁ ጠበቀ።

ይህን ሳይ የትዕይንቱ ትልቁ ችግር ተፈታልኝ። በስክሪፕቱ ላይ ልጁ «ነገ ጠዋት ልሄድ ነው» ሲል እናቲቱ «ለረጅም ጊዜ ዝም ትላለች» ተብሎ ተጽፏል። በዚያ በተበላሸው ልምምድ ይህ ዝምታ ሴትየዋ በልባቸው እየቆጠሩ የሚያሳልፉት ጊዜ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ቁጥሩ ይነበብ ነበር ብል አላጋነንሁም። አሁን ግን ዝምታው ምክንያት አገኘ። ልጁ ሲነግራቸው ስፒሎቹን ወደ ከንፈራቸው ያስገባሉ፤ ስፒሎቹ ተሰክተው እስኪያልቁም መናገር አይችሉም፣ እሱም መጠበቅ ግዴታው ይሆናል። ለሙያተኛ ተዋናይ «ዝም በይ» ማለት ይበቃል። ለሌላው ሰው ግን ዝም የሚያሰኝ ሥራ ስጡት። የሥራ ልምምድ የምለው ይህን ነው፤ ሰውየው በእውነት የሚያውቀውን የእጅ ሥራ ፈልጎ ትዕይንቱን በዚያ ላይ ማሳረፍ። ተዋንያን ስንመርጥም የማደርገው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ጽሑፍ አስነብቤ አልመርጥም፣ የለመዱትን ሥራ ካሜራ ፊት እየሠሩ እንዲያስረዱኝ አደርጋለሁ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ካሜራውን የሚረሱትን እወስዳለሁ።

ሁለተኛው ልምምድ ከትዕይንቱ በፊት ስለነበሩ ቀናት ነው። በፊልሙ ውስጥ የማይታዩ ሁለት ሁኔታዎችን ያለ ጽሑፍ እንዲጫወቱ አደረግሁ፦ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ አምሽቶ የገባበት ሌሊትና እናቱ ገንዘብ አበድራው ያልመለሰበት ቀን። ሕጉ ሁለት ብቻ ነበር፤ ማንም ለማሳቅ አይሞክር፣ ማንም የሚለው ቢጠፋው ከክፍሉ አይውጣ። እኔም እስከ አሥር ደቂቃ ድረስ አላቋርጥም። አሥር ደቂቃ ለሚጫወተውም ለሚያየውም በጣም ረጅም ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሁልጊዜ መጥፎ ናቸው፤ ሰዎቹ በቴሌቪዥን እንዳዩት ይጮኻሉ፣ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ያለቅሳሉ። ከዚያ የሚሉት ያልቅባቸውና ትወናው ራሱ ይሰለቻቸዋል። ልጁ ከሌሊቱ ጠብ በኋላ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ፤ ሴትየዋ «እራት አለ» አሉት፣ በቁጣ ሳይሆን በድካም። እኔ የጠበቅሁት ያቺን ድምፅ ነበር። ብዙ ዳይሬክተሮች ይህን ዓይነት ልምምድ «ሞክረነው አልሠራም» ይላሉ፤ ስጠይቃቸው ግን በሦስተኛው ደቂቃ አቋርጠውት አገኛለሁ።

የዚህ ልምምድ ጥቅም ስሜት ማሟሟቅ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች በጋራ የሚያስታውሱት ነገር እንዲኖራቸው ነው። በቀረጻው ዕለት ልጁ ስለ መሄዱ ሲናገር ሴትየዋ «ያንን ገንዘብ ለዚህ ነበር?» ብለው ጠየቁት። ይህ ዓረፍተ ነገር በስክሪፕቱ ላይ የለም። እኔም አልነገርኋቸውም። ከስድስት ቀን በፊት በእውነት ያሳለፉትን አሥር ደቂቃ አስታውሰው ነው።

በሦስተኛው ልምምድ ወደ ትዕይንቱ ሁኔታ ገባን፤ ነገር ግን ያለ ምልልሱ። ሁለቱን ለየብቻ ጠርቼ አነጋገርኋቸው። ለሴትየዋ «ኮቱን ሳይመሽ መጨረስ አለብዎት፤ ልጅዎ ዛሬ አመጣጡ ገንዘብ ሊጠይቅዎት ይመስላል፣ እርስዎ ደግሞ የለዎትም፤ እንዳይጠይቅዎት ያድርጉ» አልኋቸው። ለወጣቱ «ኪሱ ተሰፍቶ ሳያልቅ ንገራት፤ ስትነግራት ግን እንዳታለቅስ አድርግ» አልሁት። እነዚህ መመሪያዎች ውስጥ የስሜት ስም እንደሌለ አስተውሉ። «እዘኑ»፣ «ይክፋዎት»፣ «ጨንቆህ ግባ» ብዬ ብሆን ኖሮ ሁለቱም ሐዘንና ጭንቀት ምን እንደሚመስሉ ለማሳየት ይሞክሩ ነበር፤ ሐዘንን የሚያሳይ ሰው ደግሞ ያዘነ ሰው አይመስልም። ያዘነ ሰው ሐዘኑን ለመደበቅ ነው የሚታገለው። መመሪያ ሁልጊዜ በሌላው ሰው ላይ የሚፈጸም ድርጊት መሆን አለበት፤ አስቁመው፣ አስቂው፣ ጊዜ ግዛ፣ እውነቱን አውጣጣ። ድርጊቱ ትኩረቱን ወደ ሌላው ሰው ስለሚልክ ፊት ራሱን ለማሳመር ጊዜ አያገኝም።

ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ትዕይንቱ ወዴት እንደሚሄድ ሙሉ በሙሉ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ ጨዋታው መንገድ ይስታል። ይህን የተማርሁት የፈረንሳዩ ዳይሬክተር ሎራን ካንቴ እ.ኤ.አ. በ2008 በካንስ የፊልም ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ ያገኘበትን የክፍል ውስጥ ፊልም ካዘጋጀበት መንገድ ነው። ካንቴ በእውነት ተማሪ ከሆኑ ወጣቶች ጋር በትምህርት ዓመቱ ውስጥ በየሳምንቱ ልምምድ ያደርግ ነበር፤ ተማሪዎቹ የተጻፈ ምልልስ አልተሰጣቸውም። የመምህሩን ቦታ የያዘው ግን ፊልሙ የተመሠረተበትን መጽሐፍ የጻፈው፣ ራሱም መምህር የነበረው ፍራንሷ ቤጎዶ ነው፤ እሱ ትዕይንቱ የት መድረስ እንዳለበት ያውቃልና ከውስጥ ሆኖ ይመራዋል። በእኔ ትዕይንት ውስጥ ይህን ኃላፊነት የሰጠሁት ለወጣቱ ነበር። ዜናውን የያዘው እሱ ስለሆነ ጊዜውን የሚመርጠውም እሱ ነው።

ትዕይንቱን በዚህ መንገድ ሦስት ጊዜ ተጫወቱት፤ አራተኛ ጊዜ እንዲደግሙት አልጠየቅሁም። ድምፁን ቀድቼ በማግስቱ ቃል በቃል ገለበጥሁትና ከስክሪፕቴ አጠገብ አስቀመጥሁት። ያፈርሁበት ጠዋት ነው። እኔ የጻፍሁት «መቼ ነው እንዲህ ያለ ውሳኔ የወሰንከው?» የሚል ነበር፤ ሴትየዋ ያሉት ግን «መቼ?» ብቻ ነው። እኔ ልጁን አምስት ዓረፍተ ነገር ሙሉ ምክንያቱን አስዘርዝሬው ነበር፤ እሱ ሁለት ቃል ተናግሮ ስለ ኪሱ ይጠይቃል። ስክሪፕቱን እንደገና ስጽፈው በነሱ አንደበት የመጣውን አብዛኛውን ተቀብዬ ለታሪኩ የግድ የሆኑ ሦስት ዓረፍተ ነገሮችን ብቻ አስቀረሁ፦ ልጁ ነገ እንደሚሄድ የሚናገርበትን፣ ለሥራው ማን እንደሚወስደው የሚገልጽበትን፣ እናቲቱም መልሳ የምታረጋግጥበትን። እነዚህን ሦስቱን «ምሰሶ» አልናቸው። ምሰሶዎቹ ቃል በቃል ይነገራሉ፣ በመሐላቸው ያለው ነጻ ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ማንም ሳይጨነቅ ይይዛል።

አራተኛው ልምምድ የቦታና የካሜራ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚዘልለውም ይህን ነው። ያልለመደ ሰው መሬት ላይ የተለጠፈ ምልክት ካደረጋችሁለት ሲራመድ ዓይኑ ወደ መሬት ይወርዳል። ስለዚህ ልጁ መቆም የሚገባው ቦታ ላይ በርጩማ አስቀመጥን፤ ኮቱን የሚያኖርበት ስለሆነ ሳያስበው እዚያ ይቆማል። የብርሃን ባለሙያው መብራቱን ለዚያ ቦታ አዘጋጀ፤ የድምፅ ባለሙያው ማይክሮፎኑን ከላይ አሳልፎ ሴትየዋ እስኪሰለቹት ድረስ አንዣበበባቸው። እንቅስቃሴውን ደጋግመን ስንለማመድ የትዕይንቱን ወሬ እንዲያወሩ አልፈቀድሁም፤ ስለ ፈለጉት ነገር እያወሩ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ኮቱን ተቀባበሉ። አካላቸው መንገዱን ሲለምድ ቃሉ ሳይነካ ቀረ።

በቀረጻው ዕለት የመጀመሪያው ሥራችን ቀረጻው የሚጀመርበትን ቅጽበት ማደብዘዝ ነበር። «ጸጥታ፣ ድምፅ፣ ካሜራ፣ አክሽን» የሚለው ሥነ ሥርዓት ለባለሙያ ማንቂያ ነው፤ ለሌላው ሰው ግን ትንፋሽ የሚያስውጥ ደወል ነው። ሴትየዋ ገና መርፌ ክር እያስገቡ ሳሉ ሁለቱም ካሜራዎች ሲቀርጹ ነበር፤ እኔም ለልጁ ከበሩ ጀርባ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ክላፑን የመታነው መጨረሻ ላይ ነው፤ ይህ ለኤዲተሩ ምንም ጉዳት የለውም፣ ክላፑን ገልብጦ መያዙ ብቻ መጨረሻ ላይ እንደተመታ ይነግረዋል።

ሁለት ካሜራ የተጠቀምሁበት ምክንያት ግልጽ መሆን አለበት። እነዚህ ሰዎች አንድን ነገር በአንድ ዓይነት መንገድ ሁለት ጊዜ አያደርጉም። በመጀመሪያው ቴክ ሴትየዋ «መቼ?» ሲሉ እጃቸው ኮቱ ላይ ነበር፣ በሁለተኛው ክሩን እየበጠሱ ነበር። በአንድ ካሜራ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ኋላ ልጁን ብትቀርጹ ሁለቱን ማያያዝ አትችሉም፤ ለማያያዝ ብላችሁ «እጅዎ የት ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ ደግሞ ትኩረታቸውን ወደ እጃቸው መልሳችሁ ወስዳችሁ የስምንት ቀን ሥራ ታፈርሳላችሁ። ሁለተኛ ካሜራ ለሌለው ሰው የምመክረው እጅ ብቻ የሚታይባቸውን ሾቶች፣ ስፒል ሲሰካ፣ ክር ሲበጠስ፣ ኪሱ ሲገለበጥ፣ ከሁሉ በኋላ ለብቻ ቀርጾ ማስቀመጥን ነው፤ ኤዲተሩ ያልተገጣጠመውን የሚሸፍነው በነሱ ነው። በነገራችን ላይ የድሮዎቹ የጣሊያን ዳይሬክተሮች ከእኛ የተሻለ ዕድል ነበራቸው፤ ድምፁን ብዙውን ጊዜ ከቀረጻ በኋላ ስለሚያስገቡ ካሜራው እየቀረጸ ተዋናዩን ማናገር ይችሉ ነበር። እኛ በቀጥታ ድምፅ ስለምንቀርጽ ማለት የሚገባንን ሁሉ ቀድመን ማለት አለብን።

ስድስት ቴክ ቀረጽን። በፊልሙ ላይ ያለው በአብዛኛው ሁለተኛው ነው፤ መግቢያው ላይ ብቻ ከአራተኛው ጥቂት ወስደናል። ይህ የተለመደ መንገድ ነው፤ የመጀመሪያው ቴክ ፍርሃት አለበት፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሕያው ይሆናሉ፣ ከዚያ በኋላ ሰዎቹ የራሳቸውን ጥሩ ነገር መምሰል ይጀምራሉ። ሦስተኛው ቴክ ግን የተበላሸው በእኔ ነው። ከሁለተኛው በኋላ ደስታዬን መቆጣጠር ተስኖኝ ሴትየዋን «ስፒሎቹን ወደ አፍዎ ሲያስገቡ ልጁን ያዩበት አስተያየት ድንቅ ነው» አልኋቸው። በሦስተኛው ቴክ ያንኑ አስተያየት አመጡት፤ ረዘም አድርገው፣ ድንቅ መሆኑን እያወቁ። ተለይቶ የተመሰገነ ነገር ከዚያ ወዲያ አይገኝም። አሁን ከጥሩ ቴክ በኋላ የምለው «መልካም፣ አንድ እንጨምር» ብቻ ነው፤ የሚስተካከል ነገር ካለም አስተያየት አልሰጥም፣ የሥራውን ሁኔታ እለውጣለሁ። ለአራተኛው ቴክ ኪሱን ሰፋ አድርጌ ተረተርሁትና «ብዙ ሥራ አለብዎት» አልኋቸው። አስተያየቱ ጠፋ፣ ሥራው ተመለሰ። ምልልሱን ራሴ በድምፄ ብዬ «እንደዚህ በሉት» ማለትንም ትቻለሁ፤ እንደ እኔ ያሉታል፣ ከዚያም ወደ ራሳቸው አይመለሱም።

ስለ ማስደነቅ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ብዙዎቻችሁ ስለ እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ኬን ሎች ሰምታችኋልና። ሎች ታሪኩን በቅደም ተከተሉ ይቀርጻል፣ ተዋንያኑም ስክሪፕቱን በቁርጥራጭ እንጂ በሙሉ አያገኙም፤ የሚመጣውን ስለማያውቁ ሲመጣ በእውነት ይደነግጣሉ። እኔም ይህን በሌላ ሥራ ለመቅዳት ሞከርሁ። አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በቀረጻው ቀናት የወደደችውን የሸክላ ወፍ፣ ሳልነግራት፣ ከእሷ ጋር የሚጫወተው ሰውዬ ሰበረው። ልጅቷ በእውነት አለቀሰች፤ ያን አንድ ደቂቃ ቀረጽሁት፣ በዕለቱም ኮርቼበት ነበር። በማግስቱ መጣች፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በእያንዳንዱ ቴክ ዓይኗ አንድ ጊዜ ወደ ሰውዬው እጅ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ይሄድ ነበር። የቀሩት አራት የቀረጻ ቀናት በሙሉ በዚያ ጥርጣሬ የተሞሉ ናቸው፤ ልጅቷንም የበደልኋት እኔ ነኝ። አሁን ከልምምዱ በፊት ከእያንዳንዱ ሰው ጋር፣ ከልጅ ጋር ሲሆን ከወላጁም ጋር፣ ስምምነት አደርጋለሁ፤ በታሪኩ ውስጥ ያለ ወሬ ልደብቅባችሁ እችላለሁ፣ አካላችሁን፣ ንብረታችሁንና የራሳችሁን ሕይወት ግን ሳላስፈቅድ አልነካም። ሴትየዋ ልጁ መሄዱን መቼና እንዴት እንደሚነግራቸው በሦስተኛው ልምምድ እንዳላወቁ፣ እንደሚደበቅባቸው ግን እንደሚያውቁ ልብ በሉልኝ።

ይህ ዘዴ ለሁሉም ፊልም አይሆንም። ፈረንሳዊው ሮቤር ብሬሶን ሙያተኛ ያልሆኑ ሰዎችን እየመረጠ፣ ተዋናይ ማለትን ትቶ «ሞዴል» እያለ፣ የሚሠራው ግን በእኔ መንገድ ተቃራኒ ነበር፤ ቃሉና እንቅስቃሴው ከማንኛውም ሐሳብ ነጻ እስኪሆን ያስደጋግማቸው ነበር። የሚፈልገው ነገር ሌላ ስለነበር መንገዱም ሌላ ነው። ቃሉ እንደተጻፈ መነገር ያለበት ጽሑፍ፣ ግጥም ወይም ሳቁ በአንዲት ቃል ቦታ ላይ የቆመ አስቂኝ ትዕይንት ካላችሁም በምሰሶ ብቻ አትወጡትም፤ ሙያተኛ ፈልጉ። ብዙ ቁሳቁስ ስለምትቀርጹም የኤዲቲንጉ ጊዜ ይረዝማል፤ የእኔ ኤዲተር በዚህ ትዕይንት ላይ ብቻ አራት ቀን ተቀምጧል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ገደብ ግን ሌላ ነው። ሴትየዋን ፊልሙ ካለቀ በኋላ ለሌላ ሥራ ጠራኋቸው። በዚህኛው ታሪክ ቢሮ ተቀምጣ ባለጉዳይ የምታስተናግድ ሴት ናቸው፤ መርፌና ክር የለም። በመጀመሪያው ልምምድ ጠረጴዛው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ፤ ሲናገሩም ያ የክፍል ፈተና ዜማ ተመልሶ መጣ። ማኅተም ሰጠኋቸው፣ ማኅተሙን እንደ ባዕድ ዕቃ ያዙት። ያቺ የመጀመሪያዋ ትዕይንት የቆመችው በዕድሜ ልክ የእጅ ልምድ ላይ ነበርና እሱን በአራት ልምምድ ልተካው አልችልም። ባለፈው ሳምንት ለሁለት ቀን እውነተኛ ባለጉዳይ በሚስተናገድበት ቢሮ ከአንዲት ሠራተኛ አጠገብ እንዲቀመጡና ፋይል እንዲያቀብሉ አስፈቅጃለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀና ሳይሉ «ቀጣይ» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። የሚቀጥለው ልምምዳችን ሐሙስ ነው።